የክላስ ስኬጁል ፎቶን ወደ ስልክ ካላንደር ማስገባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ ባለች ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። ሴሚስተር በተከፈተ ቁጥር ተማሪዎች ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ። ፎቶው እጃቸው ላይ አለ፤ አንዱ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ያነሳው ነው፣ ሌላው ሪፑ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የለጠፈው ነው። የሚፈልጉት ስልኩ ራሱ «ሳይኮሎጂ፣ ክፍል 204» ብሎ በሰዓቱ እንዲነግራቸው ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። የእኛ አገር ስኬጁል ግን ሌላ ቦታ የማይገጥም ችግር አለው፤ ሰዓቱም ቀኑም በራሳችን አቆጣጠር ይጻፋል፣ ካላንደሩ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። እዚህ ጋ የተሳሳተ ሰው ስህተቱን የሚያውቀው ክላስ ካመለጠው በኋላ ነው። ስለዚህ ብዙ የማወራው ስለዚሁ ነው።

ለምሳሌ የምጠቀመው አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያመጣችውን የ2018 ዓ.ም. ሁለተኛ ሴሚስተር ስኬጁል ነው። አራት መስመር ብቻ ወስጃለሁ።

ሰኞ 2:30–4:20 ሳይኮሎጂ፣ ክፍል 204
ሰኞ 8:00–9:50 ሒሳብ፣ ክፍል 108
ማክሰኞ 4:30–6:20 እንግሊዝኛ፣ ክፍል 204
ሐሙስ 8:00–10:50 ፊዚክስ ላብ፣ ላብ 2፣ በየሁለት ሳምንቱ

ትምህርቱ የሚጀምረው ሰኞ የካቲት 2 ነው፤ ለ16 ሳምንት ይቀጥላል።

ፎቶውን እንዴት ላንሳው?

ፊት ለፊት ቁሙና ሰሌዳውን ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። መስታወት ያለው ሰሌዳ ከሆነ ፍላሹን አጥፉ፤ ነጩ ነጸብራቅ ሁሌ የሚያርፈው የክፍል ቁጥሩ ላይ ነው። ወረቀቱ ሰፊ ከሆነ በሁለት ፎቶ ከፋፍላችሁ አንሱ፤ የቀኖቹ ዓምድ ግን በሁለቱም ላይ ይታይ፣ አለዚያ የትኛው መስመር የትኛው ቀን እንደሆነ ይጠፋል።

ፎቶውን በቴሌግራም የምትቀባበሉ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። ቴሌግራም ፎቶን አሳንሶ ነው የሚልከው። እጅ ለእጅ ዞሮ ሦስተኛ ሰው ጋ የደረሰ ፎቶ ላይ 3 እና 8 አይለዩም። 103 እና 108 ደግሞ አንድ ኮሪደር ላይ ቢሆኑም ሁለት የተለያዩ ክላሶች ናቸው።

ፎቶውን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር አፕ ልጠቀም ወይስ በእጄ ልጻፈው?

የራሳችሁን ሴክሽን ብቻ ከሆነ በእጃችሁ ጻፉት። አብዛኛው ተማሪ በሳምንት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ክላስ ነው ያለው። ይህን መተየብ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ አፑ የበታተነውን መልቀም ግን ግማሽ ሰዓት ይወስዳል።

ምክንያቱ ይኼ ነው። አፑ ፊደል ማንበብ ይችላል፣ ሰንጠረዥ ግን አያውቅም። ጽሑፉን ከላይ ወደ ታች እያነበበ ያወጣላችኋል። ባዶ ሳጥኖቹን ይዘላቸዋል። ሰኞ ጠዋት ባዶ ከሆነ የማክሰኞው ክላስ ወደ ሰኞ ቦታ ይንሸራተታል። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ክላስ በሁለት ሳጥን ላይ ተዘርግቶ ከተጻፈ ደግሞ አንዱ ሳጥን ብቻ ይያዛል፣ የሁለት ሰዓቱ ክላስ የአንድ ሰዓት ይሆናል።

የመላውን ዲፓርትመንት ስኬጁል ለመሥራት ከተነሳችሁ ግን አፑ ይጠቅማል። እኔ ኮምፒውተር ላይ ነፃውን ቴሰራክት እጠቀማለሁ፤ አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበትን ወረቀት አብሮ ያነባል። አማርኛው ለብቻው መጫን አለበት።

```
tesseract seleda.jpg out -l amh+eng --psm 6
```

ከመስጠቴ በፊት አንድ ዓምድ ብቻ፣ ለምሳሌ ሰኞን ብቻ፣ ቆርጬ አወጣለሁ። በአንድ ጊዜ አንድ ቀን ከሰጠሁት የሚቀላቀልበት ነገር አይኖርም። ከዚያ የወጣውን ከፎቶው ጋር በዓይኔ አስተያያለሁ። ቶሎ የሚሳሳተው 0 እና ኦ፣ 1 እና ኤል፣ 5 እና ኤስ፣ 8 እና ቢ ላይ ነው፤ የክፍል ስም ፊደልና ቁጥር ሲቀላቅል ጠንቀቅ በሉ። በአማርኛው በኩል ሰ እና ለ፣ በ እና ቡ ይምታታሉ፤ እሱ ግን ብዙ አይጎዳም፣ «ሳይኮሎጂ» የሚለው አንድ ፊደል ቢሳሳትም ታውቁታላችሁ። ክፍል ቁጥር ሲሳሳት ግን የሚያስታውቅ ነገር የለም።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰውን የሚያቃጥል ነው። በአማርኛ ኪቦርድ ስትጽፉ ሰዓቱ 2፡30 ሆኖ ይወጣል። መሃል ያለችው የእኛዋ ሁለት ነጥብ ናት። ለዓይን ልዩነቱ ጎልቶ አይታይም፣ ኮምፒውተሩ ግን ይህን ሰዓት ነው ብሎ አይቀበልም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። በ«ፈልግና ተካ» ሁሉንም ወደ እንግሊዝኛው : ቀይሯቸው። የተቀየረ መሆኑን የምታውቁት ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሰዓት ራሱ ወደ ቀኝ ሲጠጋ ነው።

ስኬጁሉ በእኛ ሰዓት ይሁን በፈረንጅ በምን አውቃለሁ?

ትልቁ ጥያቄ ይኼ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

አንዳንዱ ወረቀት ላይ ኤል ቲ ተብሎ ይጻፋል፣ በእኛ ሰዓት ማለት ነው። ብዙው ግን ምንም አይልም። የሚያስቸግረው ደግሞ በሁለታችን አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ልክ ስድስት ሰዓት መሆኑ ነው። የእኛ 2:00 የፈረንጅ ጠዋት 8:00 ነው። የእኛ 8:00 ደግሞ የፈረንጅ ከሰዓት 2:00 ነው። አያችሁት? ቁጥሮቹ ቦታ ይለዋወጣሉ እንጂ አይቀየሩም። ስለዚህ «2:00–4:00» እና «8:00–10:00» የሚል ስኬጁል በሁለቱም አቆጣጠር ትርጉም ይሰጣል። በተሳሳተው ካነበባችሁት ጠዋቱ ከሰዓት ይሆናል፣ ከሰዓቱ ጠዋት ይሆናል። ክላስ እኩለ ሌሊት ላይ አይወድቅም፣ ምሳ ሰዓት ላይ አይወድቅም፤ ካላንደሩን ያየ ሰው ሁሉ «ደህና ነው» ይላል።

ይህ በእኔ እጅ ደርሷል። ከጥቂት ዓመት በፊት ለአንድ ልጅ በችኮላ ሠራሁለት። የኔ ግምት ወረቀቱ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚል ነበር፣ ምክንያቱም ሁሉ ነገሩ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ልጁ በመጀመሪያው ሰኞ ከሰዓት ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ጠበቀ። ክላሱ ጠዋት አልቋል። ከዚያ ወዲህ ሳላረጋግጥ አንድም መስመር አልጽፍም።

የማረጋግጠው በቅደም ተከተሉ ነው። የመጀመሪያውን ረድፍ እዩ፤ ሰንጠረዡ ከላይ ወደ ታች ወይም ከግራ ወደ ቀኝ ከጠዋት ወደ ማታ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ የተጻፈው 2:00 ወይም 2:30 ሆኖ 8:00 ከኋላ ከመጣ የእኛ ሰዓት ነው። መጀመሪያ 8:00 ሆኖ 2:00 ከኋላ ከመጣ የፈረንጅ ነው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ መጻፉ ምንም አይነግራችሁም። ምሳውም ይረዳል፤ ክፍተቱ ከ6 ሰዓት በኋላ ከሆነ የእኛ፣ ከ12 በኋላ ከሆነ የፈረንጅ።

ሰንጠረዥ ሳይሆን ዝርዝር ሆኖ የተጻፈ ከሆነ፣ ማለትም በኮርስ ስም ተራ ከተደረደረ፣ ቅደም ተከተሉ አይጠቅምም። ያኔ መገመት ትቶ ሪፑን መጠየቅ ነው። «የሳይኮሎጂ 2:30 ጠዋት ነው ከሰዓት?» የሚል አንድ መልእክት በቂ ነው።

በእኛ ምሳሌ የመጀመሪያው ረድፍ 2:30 ነው፣ 8:00 ከታች ነው። የእኛ ሰዓት ነው።

እሺ፣ ታዲያ ሰዓቱን እንዴት ልቀይር?

ስድስት ደምሩ። 2:30 ሲደመር 6፣ 8:30 ይሆናል። 4:20 ደግሞ 10:20። ከሰዓቱም ያው ነው፤ 8:00 ሲደመር 6፣ 14:00፣ ማለትም 2 ፒኤም።

ኤክሴል ወይም ጉግል ሺት ላይ ከሆናችሁ የሰዓቱ ሳጥን C2 ነው እንበል፦

```
=MOD(C2+TIME(6,0,0),1)
```

አራቱ መስመሮች እንዲህ ይሆናሉ። ሳይኮሎጂ 8:30–10:20። ሒሳብ 14:00–15:50። እንግሊዝኛ 10:30–12:20። ላቡ 14:00–16:50።

ዋናውን ሰዓት ግን አትጣሉት። በማስታወሻው ቦታ ላይ «በእኛ 2:30» ብላችሁ ተዉት። አንደኛ ነገር ስልኩ 8:30 ሲል በእኛ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው ብሎ የሚደነግጥ ሰው አለ። ሁለተኛ፣ ስህተት ቢኖር ከፎቶው ጋር ለማስተያየት የሚቀረን እሱ ነው።

የማታ ተማሪ ነኝ። 11:30–1:30 ተብሎ የተጻፈውስ?

ኤክስቴንሽን የሚማሩ ሰዎች ፋይል ሁሌ የሚበላሸው እዚህ ነው። 11:30 ሲደመር 6፣ 17:30፤ ይኼ ልክ ነው። 1:30 ሲደመር 6 ግን 7:30 ነው፣ የጠዋት። ክላሱ ማታ 5:30 ጀምሮ ጠዋት 7:30 ያለቀ ይመስላል። ካላንደሩ ማብቂያው ከመጀመሪያው የቀደመ ሆኖ ስለሚያገኘው አንዳንዱ መስመሩን አልቀበልም ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ አሥራ አራት ሰዓት የሚፈጅ ሰማያዊ ግድግዳ ያቆምላችኋል።

የምሠራበት ደንብ አጭር ነው። ማብቂያው ከመጀመሪያው ካነሰ ማብቂያው ላይ ሌላ 12 ሰዓት ደምሩ። 7:30 ሲደመር 12፣ 19:30። ክላሱ ከ17:30 እስከ 19:30 ሆነ ማለት ነው። ሁለቱም ከማታው 1 ሰዓት በኋላ ከሆኑ፣ ለምሳሌ 1:30–3:00፣ ለሁለቱም በ6 ፋንታ 18 ደምሩ።

ቀኑንስ? ካላንደሩ የካቲትን አያውቅም።

አያውቅም፤ ግን የሚያስፈልጋችሁ አንድ ቀን በትክክል ማወቅ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰባት ሰባት እየደመሩ መሄድ ነው።

መስከረም 1 ቀን 2018 ሴፕቴምበር 11፣ 2025 ላይ ዋለ። ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 1 አምስት ወር ነው፣ የእኛ ወር ደግሞ ከጳጉሜ በቀር ሁሌ 30 ስለሆነ 150 ቀን ማለት ነው። ሴፕቴምበር 11 ላይ 150 ቀን ስትደምሩ ፌብሩዋሪ 8፣ 2026 ይመጣል። እሱ የካቲት 1 ነው፣ የካቲት 2 ደግሞ ፌብሩዋሪ 9። ሺት ላይ ይህን ራሱ ይሠራላችኋል፦

```
=DATE(2025,9,11)+30*5+(2-1)
```

አምስት ያልኩት ያለፉት ወሮች ናቸው፣ ሁለት ያልኩት ቀኑ ነው።

ሁሌ ከሴፕቴምበር 11 ይጀመራል ብላችሁ ግን እንዳትይዙት። ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ የሚመጣው እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው የሚውለው። የ2016 መስከረም 1 እንደዚያ ነበር፣ የ2020ም እንደዚያው ይሆናል። ይህን የረሳ ሰው ዓመቱ በሙሉ በአንድ ቀን ይዛነፍበታል። ማወቂያው ቀላል ነው፤ ወረቀቱ ሰኞ ካለ ያገኛችሁት ቀን በስልኩም ሰኞ መሆን አለበት። ፌብሩዋሪ 9፣ 2026 ስልካችሁ ላይ ክፈቱት፣ ሰኞ ነው። እሑድ ወይም ማክሰኞ ካያችሁ ወደኋላ ተመልሳችሁ ቁጠሩ።

ፋይሉ ምን መምሰል አለበት?

ጉግል ካላንደር የሚቀበለው ቀላሉ ዓይነት ሲኤስቪ፣ ማለትም ዓምዶቹ በኮማ የተለያዩበት የጽሑፍ ፋይል ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ያሉት ስሞች በእንግሊዝኛ እንዲሁ እንዳሉ መሆን አለባቸው።

```
Subject,Start Date,Start Time,End Date,End Time,Location,Description
ሳይኮሎጂ,02/09/2026,8:30 AM,02/09/2026,10:20 AM,ክፍል 204,በእኛ 2:30
ሒሳብ,02/09/2026,2:00 PM,02/09/2026,3:50 PM,ክፍል 108,በእኛ 8:00
```

የትምህርቱ ስም `Subject` ውስጥ፣ ክፍሉ `Location` ውስጥ። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ «ሳይኮሎጂ 204» ብሎ ስሙ ላይ ይጽፋል። ለጊዜው ይሠራል። ክፍል ሲቀየር ግን ሁሉንም ስም መነካካት ይመጣል። በየቦታቸው ይቀመጡ።

ቀኑ ላይ ወር ይቀድማል። `02/09/2026` ፌብሩዋሪ 9 ነው። እኛ ቀን ስለምናስቀድም 09/02 ብለን እንጽፍና ክላሱ ሴፕቴምበር 2 ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ከ12 የሚበልጥ ቀን ሲሆን ፋይሉ ይጮኻል፣ ከ12 በታች ሲሆን ግን ዝም ብሎ ይቀበለዋል። ስለዚህ የወሩን መጀመሪያ ሳምንታት በተለይ እዩ።

የክፍሉ ስም ውስጥ ኮማ ካለ በትምህርተ ጥቅስ ክበቡት፣ `"አዲሱ ሕንፃ, 204"` እንደማለት። አለዚያ ከኮማው በኋላ ያለው ወደ ሚቀጥለው ዓምድ ይገፋል።

አማርኛው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነብኝ።

ኤክሴል ላይ ሴቭ ስታደርጉ `CSV UTF-8` የሚለውን ምረጡ። ተራውን ሲኤስቪ ከመረጣችሁ ፊደሎቹ ??? ሆነው ይቀራሉ፣ ፋይሉን ከዘጋችሁ በኋላ ደግሞ አይመለሱም። ጉግል ሺት ላይ ይህ ችግር የለም።

እያንዳንዱን ክላስ 16 ጊዜ ልጽፍ ነው?

በሲኤስቪ አዎ። በየሳምንቱ ድገመው የሚባል ነገር አይገባውም፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር ይፈልጋል። ሺት ላይ ግን ከባድ አይደለም፣ ሁለተኛው ቀን `=B2+7` ነው፣ ከዚያ ወደ ታች መጎተት። እኔ ለተማሪ ብዙ ጊዜ ይህን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም የወጣውን በዓይን ማየት ይቻላል፣ በዓል የዋለበትን መስመርም ዝም ብሎ ማጥፋት ነው።

አጭሩን መንገድ የሚፈልግ ደግሞ አይሲኤስ የሚባለውን የካላንደር ፋይል ይሥራ። እሱ መደጋገምን ያውቃል።

```
BEGIN:VCALENDAR
VERSION:2.0
PRODID:-//sched//AM
BEGIN:VEVENT
UID:psy-mon-2018-2@sched
DTSTAMP:20260205T090000Z
DTSTART;TZID=Africa/Addis_Ababa:20260209T083000
DTEND;TZID=Africa/Addis_Ababa:20260209T102000
RRULE:FREQ=WEEKLY;UNTIL=20260525T205959Z
EXDATE;TZID=Africa/Addis_Ababa:20260302T083000
SUMMARY:ሳይኮሎጂ
LOCATION:ክፍል 204
END:VEVENT
END:VCALENDAR
```

`RRULE` በየሳምንቱ ድገም፣ እስከ ሜይ 25 ድረስ ይላል። የመጨረሻው ሳምንት ሰኞ እሱ ነው፣ በእኛ ግንቦት 17። `TZID` ላይ አዲስ አበባን መጻፍ አትርሱ። ሳይጻፍ ቀርቶ ሰዓቱ በዓለም አቀፉ ሰዓት ከተያዘ ሁሉም ክላስ በሦስት ሰዓት ይዘገያል፤ 8:30 የነበረው 11:30 ላይ ይታያችኋል። ልክ ሦስት ሰዓት የዘገየ ነገር ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው፣ ልክ ስድስት ከሆነ ደግሞ የእኛና የፈረንጅ ሰዓት ተምታቶባችኋል።

`UID` ለእያንዳንዱ ክላስ የተለየ ይሁን። ኮፒ አድርጋችሁ ሒሳብን ስትሠሩ የሳይኮሎጂውን `UID` ከተዋችሁት አንዱ ሌላውን ሊያጠፋው ይችላል።

በየሁለት ሳምንቱ የሚሆን ላብ አለኝ።

`FREQ=WEEKLY;INTERVAL=2` ብላችሁ ጻፉ። ዋናው ነገር ግን የመጀመሪያው ቀን ነው። ግሩፕ አንድ የካቲት 5፣ ማለትም ፌብሩዋሪ 12 ቢጀምር ግሩፕ ሁለት የሚጀምረው ፌብሩዋሪ 19 ነው። መነሻው በአንድ ሳምንት ከተሳሳተ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ድረስ የሌላው ግሩፕ ላብ በር ላይ ቆማችሁ ትገኛላችሁ። ፎቶው ላይ ይህ አይጻፍም፤ ብዙ ጊዜ የላብ አሲስታንቱ በቃል ነው የሚናገረው። ጠይቁ።

በዓላቱን እንዴት ላውጣ?

ቀናቸው የታወቀውን አሁኑኑ አውጡ። ዓድዋ የካቲት 23 ነው፣ በ2018 ማርች 2፣ ሰኞ። የተማሪዋ ሳይኮሎጂም ሒሳብም እሱ ቀን ላይ ነበሩ። የአርበኞች ቀን ሚያዝያ 27፣ ሜይ 5፣ ማክሰኞ ነው፤ እንግሊዝኛው ይወጣል። ስቅለት ሚያዝያ 2፣ ኤፕሪል 10፣ ዓርብ፤ የሠራተኞች ቀን ሜይ 1፣ እሱም ዓርብ። እሷ ዓርብ ክላስ ስላልነበራት አልነካናቸውም። ዒድ ጨረቃ ታይታ ስለሆነ ቀድማችሁ አታውጡት፤ ሲታወጅ ያንን አንድ ቀን ስልካችሁ ላይ ማጥፋት ይበቃል።

በአይሲኤስ ከሆነ `EXDATE` ላይ ያለው ሰዓት ከ`DTSTART` ሰዓት ጋር በደቂቃ ሳይቀር መግጠም አለበት። ቀኑን ብቻ ከጻፋችሁ ወይም 9:30 ብላችሁ ብትሳሳቱ ብዙ ካላንደሮች ምንም ሳይሉ ያልፉታል፣ ክላሱ በዓድዋ ቀን ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።

እንዴት ነው የሚገባው? ስልኬ ላይ ማስገቢያውን አጣሁት።

ስልኩ ላይ ያለው የጉግል ካላንደር አፕ ማስገቢያ የለውም። ኮምፒውተር ላይ በብራውዘር ክፈቱና ሴቲንግ ውስጥ `Import & export` ግቡ። ከዚያ በኋላ በዚያው አካውንት ስልካችሁ ላይ ራሱ ይመጣል።

ከማስገባታችሁ በፊት ግን አዲስ ካላንደር ፍጠሩ፤ «2018 ሁለተኛ ሴሚስተር» በሉት፣ ስታስገቡም እሱን ምረጡ። ይህን ሳይሰማ በቀጥታ ዋናው ካላንደሩ ላይ ያስገባ ልጅ ነበር። ስህተት አገኘ፣ አስተካክሎ ሲኤስቪውን ድጋሚ አስገባ። አሁን እያንዳንዱ ክላስ ሁለት ሁለት ሆነ፣ ግማሹ ልክ ግማሹ ስህተት። ከልደትና ከቀጠሮ ጋር ስለተቀላቀለ አንድ በአንድ እየነካ ሲያጠፋ አመሸ። ለብቻው ካላንደር ቢሆን ኖሮ ካላንደሩን ሙሉ በሙሉ ማጥፋትና እንደገና መጀመር ነበር።

ማስታወሻ ድምፁንም እዚያው በአዲሱ ካላንደር ሴቲንግ ላይ አስተካክሉ። ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ በእግር የሚመላለስ ሰው አሥር ደቂቃ አይበቃውም።

ክፍል ቢቀየርስ?

ይቀየራል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት። ሰሌዳው ላይ በእስክሪብቶ ይሰረዝና 204 የነበረው 112 ይሆናል። በአይሲኤስ የተሠራ ከሆነ አንዱን ክላስ ከፍታችሁ ክፍሉን ስትቀይሩ ይህን ብቻ ነው ወይስ ቀጣዮቹንም ብሎ ይጠይቃችኋል፤ ቀጣዮቹንም በሉ። በሲኤስቪ የተሠራ ከሆነ ክላሶቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም፣ ስለዚህ ሺቱ ላይ አስተካክሎ ካላንደሩን አጥፍቶ እንደገና ማስገባት ይቀላል። ለዚህ ነው ሺቱን አትጣሉ የምለው።

ሜክአፕ ክላስን ግን ፋይል ውስጥ አታስገቡት። አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ በእጅ ስልኩ ላይ ጨምሩት።

ልክ መግባቱን በምን ላረጋግጥ?

ቁጠሩ። ከፌብሩዋሪ 9 እስከ ሜይ 25 ድረስ 16 ሰኞ አለ፤ ዓድዋ ሲወጣ ሳይኮሎጂ 15፣ ሒሳብም 15። እንግሊዝኛ 16 ማክሰኞ፣ የአርበኞች ቀን ሲወጣ 15። ላቡ 8። ድምሩ 53 ነው። ሲኤስቪ ስታስገቡ ጉግል ስንት እንደገባ ይነግራችኋል። 53 ካላለ የጎደለው የትኛው እንደሆነ እስክታገኙ አትዝጉት።

ከዚያ የሚቀጥለውን ሳምንት ክፈቱና ፎቶውን ከጎን አድርጉ። ሰኞን ብቻ አትዩ፤ አንድ የጠዋት፣ አንድ የከሰዓት፣ ካላችሁ ደግሞ አንድ የማታ ክላስ መርጣችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ክፍሉን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ተማሪዋ ይህን ስታደርግ ማክሰኞ እንግሊዝኛው ክፍል 204 ይላል፣ ፎቶው ላይ ግን ቁጥሩ ነጸብራቅ ውስጥ ነበር። 204 ይሁን 284 ማናችንም መለየት አልቻልንም። ወጣች፣ ሰሌዳው ጋ ሄዳ በቅርብ አንስታ ተመለሰች። 204 ነበር።